ያላበራነው መብራት

ኮልፌ በኖርኩባቸው ዓመታት አከራዬ ባላቸው ቀደም ብሎ የሞተባቸው አንዲት ሴት ነበሩ። እኔም ጎረቤቱም እትዬ እንላቸው ነበር። ኑሯቸው የቆመው እኔ በምከፍለው የአንድ ክፍል ኪራይና ለመርካቶ ልብስ ነጋዴዎች በሚጠልፉት የቀሚስ አንገት ላይ ነው። ቤታቸው በቀንም ጨለማ ነበር። ያለችው አንዲት መስኮት የጎረቤት ግድግዳ ላይ ስለምትከፈት፣ ጥልፉን የሚሠሩት ከኮርኒሱ በተንጠለጠለች ባለ አርባ ሻማ አምፖል ሥር ነበር። መብራት ከመግባቱ በፊት በፋኖስ ሲሠሩ አረንጓዴውን ክር ከሰማያዊው መለየት አቅቷቸው፣ አንድ ነጋዴ ሦስት ቀሚስ መልሶባቸው ነበር። ይህን ሁልጊዜ የሚያነሱት ከሞት እንዳመለጠ ሰው ነው። ቆጣሪውን ለማስገባት ሁለት ዓመት ቆጥበዋል።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ሁለት ወረቀት ይዘው ወደ ክፍሌ መጡ። ነጠላቸውን እንኳ አላወለቁም።

አንደኛው ከመብራት መሥሪያ ቤቱ የመጣ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ነበር። እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ጀመርኩና መሐል ላይ ቆምኩ። እንዲህ ይላል፦ «ባቀረቡት ማመልከቻ ዕዳ ያለብዎ መሆኑን አምነው ምሕረት የጠየቁ መሆኑን ተመልክተናል። ምሕረት ለማድረግ ሥልጣን የሌለን ስለሆነ፣ ዕዳውን በስድስት ወር ከፍለው እንዲጨርሱ ፈቅደናል። የመጀመሪያውን ክፍያ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ባይከፍሉ መብራቱ የሚቆረጥ መሆኑን እናስታውቃለን።»

«ስድስት ወር ሰጡኝ» አሉ እትዬ። «ደግ ሰዎች ናቸው። የጆሮ ወርቄን ብሸጥ የመጀመሪያውን እወጣዋለሁ።»

የምን ዕዳ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። እኔ የመብራት ቢል በየወሩ የማነብላቸው ሰው ነኝ፤ ያለፈውን ወር ቢል ግን አላሳዩኝም ነበር። ምክንያቱን ያወጡት ብዙ ካለማመጥኳቸው በኋላ ነው። መብራት አብርቼ እንደማነብ ያውቃሉ፤ ቢሉን ካየሁ በእኔ ያሳበቡ መስሎኝ ቤቱን ለቅቄ እንዳልሄድ ፈርተው፣ ቀጥታ ወረዳ ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጽሕፈት መኪና ዘርግቶ ወደሚቀመጠው ማመልከቻ ጻፊ ሄዱ። ቢሉን ያነበበላቸውም ማመልከቻውን የጻፈላቸውም እሱ ነው።

የማመልከቻውን ግልባጭና ያለፈውን ወር ቢል ከቤታቸው ከመሶቡ ሥር አምጥተው ሰጡኝ። ማመልከቻው ሙሉ ገጽ ነበር፣ እጅግ ያማረ። ደካማ መበለት መሆናቸውን፣ ጧሪ ቀባሪ እንደሌላቸው፣ የክቡር ሥራ አስኪያጁ ጥላ እንደ ዋርካ ሰፊ መሆኑን ይናገራል። ወደ መጨረሻው ደግሞ «ባለማወቅ ስላባከንኩት መብራት እግርዎ ሥር ወድቄ ምሕረትዎን እለምናለሁ» ይላል። ከሥር የእትዬ የአውራ ጣት አሻራ አለበት።

ደሜ ፈላ። ሰውየው ጥፋተኛ አይደለም፤ ለርስትም፣ ለቅጥርም፣ ለእስረኛም የሚጽፈው እንደዚሁ ነው። ማመልከቻ ማለት መለመን ነው፤ ሲለምኑ ደግሞ አስቀድሞ አጥፍቻለሁ ማለት ወጉ ነው። ቢሉ ላይ ያለውን ቁጥር ግን ማንም አልተመለከተውም፤ ጻፊውም፣ መሥሪያ ቤቱም፣ እትዬም።

ቢሉን ሳየው ያለፈው ንባብ 398፣ የአሁኑ ንባብ 4127፣ ልዩነቱ 3729 ኪሎዋት ሰዓት ይላል። እኛ በወር የምናበራው ከአሥራ አራት በልጦ አያውቅም። ግቢው ውስጥ ያለው አራት አምፖልና አንድ ሬዲዮ ነው። ሬዲዮኑም ለዜና ካልሆነ አይከፈትም። ሁለተኛው ወረቀት የዚህ ወር ቢል ነበር። ያለፈው ንባብ 4127፣ የአሁኑ 4258፣ ልዩነት 131። ይህ ከመጀመሪያው አነስ ስላለ እትዬን አጽናንቷቸው ነበር። «አየህ፣ ቁጥብ ሆኛለሁ» አሉኝ።

እኔ በዚያን ጊዜ እህል በረንዳ አንድ መጋዘን ውስጥ ሚዛን ላይ እሠራ ነበር። ከስድስተኛ ክፍል በኋላ ትምህርት ቤት አልሄድኩም፤ የቀረውን ከመንገድ ዳር በገዛኋቸው አሮጌ መጻሕፍት ነው የተማርኩት፤ አንደኛው ስለ ኤሌክትሪክ ነበር። ሚዛን ላይ የሚሠራ ሰው ቁጥር ሲያይ መጀመሪያ የሚጠይቀው ቁጥሩ ከየት እንደተነበበ ነው። ተነሥቼ ወደ ቆጣሪው ሄድኩ።

ቆጣሪው በረንዳው ላይ፣ እትዬ ከዝናብ እንዲጠብቀው ባሠሩት ፊቱ ክፍት የሆነ የእንጨት ሳጥን ውስጥ ነበር። በርጩማ ላይ ወጥቼ መስተዋቱን በእጅጌዬ ጠረግሁ። አምስት አሃዝ ይታያል። አራቱ በጥቁር ላይ ነጭ ናቸው፤ የመጨረሻው ብቻ ዙሪያው ቀይ ነው። 0428 ይልና በቀዩ ውስጥ 4። ቀዩ የአንድ ኪሎዋት ሰዓት አሥረኛ ክፍል ነው፣ ለሒሳብ አይቆጠርም፤ በእኔ ሚዛንም ከኪሎው ቀጥሎ ያለችው ትንሿ ነጥብ እንደዚያው ናት። ያለፉት ዓመታት ቆጣሪ አንባቢ ሽበታም ሰውዬ ነበር፣ በርጩማ ላይ ወጥቶ ነበር የሚያነበው። ከሁለት ወር ወዲህ የሚመጣው ወጣት ግን ከደጅ ሆኖ ባትሪ ያበራና ያየውን ይጽፋል። ቀዩን ከጥቁሮቹ ጋር አንድ ላይ አንብቦታል። 412 ከ7 አሥረኛ የነበረው አራት ሺሕ አንድ መቶ ሃያ ሰባት ሆነ። በሁለተኛው ወርም ያንኑ ስሕተት ስለደገመው ልዩነቱ 131 መጣ፤ እውነተኛው አሥራ ሦስት ነበር።

ለእትዬ በርጩማው ላይ ሆኜ አስረዳኋቸው። ቀዩን በጣቴ ሸፍኜ አሳየኋቸው። በትዕግሥት ሰሙኝና «እና አሁን ሰዎቹን ተሳስታችኋል ልንላቸው ነው?» አሉ።

«አዎ።»

«ስድስት ወር ከሰጡን በኋላ?»

ከሰዓቱን በሙሉ ደብዳቤውን ስጽፍ ዋልኩ። ግማሽ ገጽ ሆነ። ጉዳዩ የሚለውን «የቆጣሪ ንባብ እንዲታረም ስለመጠየቅ» አልኩት። በዛሬው ቀን ቆጣሪው 428 ላይ መሆኑን፣ ቢሉ ግን ከሳምንት በፊት 4258 ነበር እንደሚል፣ ቆጣሪ ደግሞ ወደ ኋላ እንደማይሄድ ጻፍኩ። ሌላም ጨመርኩ። የግቢው ዋና ቫልቮላ አምስት አምፔር ነው። ከዚያ በላይ ከተሳበ ይቃጠላል። በሁለት መቶ ሃያ ቮልት ከአንድ ሺሕ አንድ መቶ ዋት ማለፍ አይቻልም ማለት ነው። ቫልቮላው የሚችለውን ያህል ሠላሳ ቀንና ሌሊት ያለማቋረጥ ብናበራ እንኳ የምንደርሰው ሰባት መቶ ዘጠና ሁለት ኪሎዋት ሰዓት ነው። ሦስት ሺሕ ሰባት መቶ ሃያ ዘጠኝ ማብራት ብንፈልግም አንችልም። ይህን ዓረፍተ ነገር ስጽፍ ደስ ብሎኝ እንደነበር አልደብቅም።

አነበብኩላቸው። ጨርሼ ቀና ስል እትዬ ፊታቸው ጠቁሯል።

«ሰላምታው የታለ?»

«ክቡር ሆይ ብያለሁ።»

«ክቡር ሆይ ብቻ? እግዚአብሔር ዕድሜዎን ያርዝመው የለ፣ ደካማ መሆኔ የለ። ልጄ፣ ይኼ እኮ ግልምጫ ነው። ሰው ቤት ሄደህ ሚዛንህ ያጭበረብራል ትላለህ?»

«ካጭበረበረ እላለሁ።»

«ለዚህ ነው አለቃህ ደመወዝ የማይጨምርልህ» አሉኝ። ይህ እውነት ነበር።

ማክሰኞ ከሥራ አስፈቅጄ አብረን ሄድን። አውቶቡሱ እስከ መርካቶ ድረስ በቆምንበት አደረሰን፤ ከዚያ በእግር ወደ ቅርንጫፉ ወጣን። እትዬ ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰዋል። የመጀመሪያው መስኮት ወደ መዝገብ ቤት ላከን፤ መዝገብ ቤቱ ደብዳቤው ቴምብር የለውም ብሎ መለሰን፤ ቴምብር ገዝተን ስንመለስ ለምሳ ተዘግቷል። ከሰዓት ሲከፈት ሌላ ሰው ተቀምጦ ነበር። እሱ ደብዳቤውን መዝግቦ ቁጥር ከሰጠ በኋላ ወደ መጀመሪያው መስኮት መለሰን። እዚያ ያለው ጸሐፊ ክራቫቱን ያላላ፣ በዕድሜ ከእኔ ብዙም የማይበልጥ ሰው ነበር። የእትዬን ፋይል አወጣ፣ ደብዳቤዬን ከላይ አደረገው፤ አላነበበውም።

«ይኼ ጉዳይ አልቋል» አለ። «እማማ ዕዳውን አምነዋል፣ ተፈቅዶላቸዋል።»

ቆጣሪው ዛሬ 430 እንኳ እንዳልሞላ ነገርኩት። ጠዋት ከመውጣታችን በፊት አይቼዋለሁ።

«ማን አነበበው?»

«እኔ።»

«አንተ የእኛ ሠራተኛ ነህ?»

አይደለሁም አልኩ። መሥሪያ ቤቱ ከራሱ አንባቢ በቀር የማንንም ንባብ እንደማይቀበል ገለጸልኝ። እንግዲያው አንባቢ ላኩና ይየው አልኩት። አንባቢው እኮ አይቶታል አለ፣ ያውም ሁለት ጊዜ፤ በሁለተኛውም ወር ቁጥሩ ከመጀመሪያው ተያይዞ እንደሄደና ይህም የመጀመሪያውን ትክክለኛነት እንደሚያረጋግጥ በጣቱ እያሳየ አስረዳኝ። ሁለተኛው ስሕተት የመጀመሪያውን እየመሰከረለት ነው! ቫልቮላውን አነሣሁበት። ስለ ቫልቮላ የሚነጋገረው ቴክኒክ ክፍል ነው አለኝ። ቴክኒክ ክፍል የት ነው ስለው፣ ቴክኒክ ክፍል ባለጉዳይ አያነጋግርም አለ። ከኋላዬ የተሰለፈ አንድ የጉራጌ ነጋዴ ትከሻዬን መታ አድርጎ፣ ወንድሜ ፍጠን፣ አንተ ቆጥረህ እስክትጨርስ የእኔንም መብራት ይቆርጡታል አለኝ። ሰልፉ ሳቀ። እትዬ ግን አልሳቁም።

ወደ ክፍል ሹሙ እንድንገባ ጠየቅሁ። አንድ ሰዓት ያህል አግዳሚ ወንበር ላይ አስጠበቁን። እትዬ እጃቸውን አገጣጥመው ተቀምጠው ነበር፤ ጣቶቻቸው በመርፌ የተወጋጉ ናቸው። በመጨረሻ ያሰቡትን ተናገሩ። ስድስት ወር መክፈል እንደማይችሉ ቀድሞም ያውቁት ነበር። ወርቁ የሚበቃው ለመጀመሪያው ወር ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ መብራቱ ይቆረጣል፤ በፋኖስ መጥለፍ ደግሞ ከእንግዲህ አይችሉም፤ ዓይናቸው ያኔ ከነበረው ብሷል። ይህን የነገሩኝ ዓይኔን ሳያዩ ነው። እኔ እስከዚያች ሰዓት የታገልኩት ለቁጥሩ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን የምታገለው ለቁጥሩ ብቻ አልነበረም።

ሹሙ ፀጉራቸው የሳሳ፣ ዝግ ብለው የሚናገሩ ሰው ነበሩ። ደብዳቤዬን እስከ መጨረሻው አነበቡ። ያን ቀን ያነበበው የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው። ከዚያ የመጀመሪያውን ማመልከቻ ከፋይሉ አውጥተው ሁለቱን ጎን ለጎን አደረጉ።

«አንዱ ምሕረት ይለምናል» አሉ፤ «አንዱ ይከራከራል። እማማ፣ የትኛው ነው የእርስዎ?»

አፌን ስከፍት በእጃቸው አስቆሙኝ። እሳቸው ይናገሩ አሉ።

እትዬ ተነሥተው እጅ ነሡ። መሬቱን እያዩ ነበር የተናገሩት።

«ሁለቱም የኔ ነው፣ ጌታዬ።»

«በመጀመሪያው አባክኛለሁ ብለው አምነዋል። አሻራዎ አለበት።»

«አምኛለሁ እንዴ? እኔ ማሩኝ ነው ያልኩት። ጌታዬ፣ እኔ ጎረቤቴ ለቡና ጠርታኝ ስዘገይ ስትቆጣኝ ማሪኝ እላለሁ። ጥልፍ ስወስድ ነጋዴውን ማሩኝ እላለሁ፣ ገና ሳያየው። ለንስሐ አባቴም ያላጠፋሁትን ማሩኝ እላለሁ። እርስዎ ለአለቃዎ አይሉም?»

ሹሙ ብዕራቸውን አነሡና አስቀመጡት።

«መብራቱን አባክነዋል?»

«አላባከንኩም። እኔ አምፖሌን ለሽንት ስወጣ እንኳ አጥፍቼ ነው የምወጣው። ይኼ ልጅ ያያል።»

«ታዲያ ለምን እንዲህ አላሉም?»

«እንዲህ ብዬ ብጽፍ ያነቡልኝ ነበር?»

ሹሙ እኔን አዩኝ፤ መልሱን እኔ ያስጠናኋቸው ይመስል። ቀጥሎ ወደ ደብዳቤዬ ተመልሰው፣ ሰባት መቶ ዘጠና ሁለቱን በወረቀት ጫፍ ላይ ራሳቸው አባዝተው አገኙት። ከዚያ ጸሐፊውን ጠርተው ከቴክኒክ ክፍል አንድ ሰው እስከ ሰኞ ሄዶ ቆጣሪውን እንዲያይና እስከዚያ መቁረጥ እንዲቆም ከደብዳቤው ጠርዝ ላይ ጻፉ። ጸሐፊው ሲወጣ አየኝ፤ አስተያየቱ የሚያመሰግን አልነበረም።

ሰኞ የመጣው ከዓመታት በፊት የሰፈሩን የመብራት ምሰሶ ከተከሉት አንዱ ነኝ ያለ ጎምቱ ሠራተኛ ነበር። እትዬ አላስታወሱትም፤ እሱ ግን የእርሳቸውን ጠላ አስታወሰ። በርጩማው ላይ ወጣ፣ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለ፣ አየ። ከዚያ ለራሱ የሚናገር ይመስል፣ ያው ነው አለ፤ አስኮም ሳንሱሲም እንደዚህ ያለ አይቻለሁ፣ ይኼ አዲሱ ልጅ ቀዩን ሳይለይ እየለቀመ ይሄዳል አለ። ሌሎቹ ሰዎች ምን አደረጉ ብዬ ጠየቅሁት። የሚበዙት እየከፈሉ ነው አለ። ቢሉ ከመንግሥት የመጣ ነው ብለው ይከፍላሉ፤ አለዚያ ይለምናሉ። ይህን የነገረኝ ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው ነው። ሁለት አምፖል አስበርቶ በቆጣሪው ውስጥ የሚሽከረከረውን ዲስክ ዙር በእጅ ሰዓቱ ለካ። ቆጣሪው ጤነኛ ነው፣ የታመመው ንባቡ ነው ብሎ 0431 ብሎ ጻፈ። ቀዩን አልጻፈም። የምፈርምበት ቦታ ሰጠኝ። መፈረም ያለባቸው የቤቱ ባለቤት ናቸው ብዬ ወረቀቱን ለእትዬ አሳለፍኩ። አውራ ጣታቸውን ከመጫናቸው በፊት «ምን ይላል?» ብለው ጠየቁ። በሕይወታቸው ከመፈረማቸው በፊት ይህን የጠየቁበት የመጀመሪያ ጊዜ መሆን አለበት።

ሁለተኛው የመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ሁለት መስመር ብቻ ነበር። ንባቡ መታረሙን፣ የሁለቱ ወር ቢልም በአሥራ አራትና በአሥራ ሦስት ኪሎዋት ሰዓት መስተካከሉን ይናገራል። ይቅርታ የሚል ቃል የለበትም። ስለ አስኮና ስለ ሳንሱሲ አንድም ነገር አልተጻፈም። እነዚያ ሰዎች ወርቃቸውን እየሸጡ ነው ብዬ ሌላ ደብዳቤ ለመጻፍ ተቀመጥኩ፤ ጻፍኩም፣ ቴምብር ገዝቼም መዝገብ ቤቱ ወስጄ ቁጥር አሰጠሁት። የመዝገብ ቤቱ ሰው የጉዳዩ ባለቤት እኔ መሆኔን ጠየቀኝ። አይደለሁም አልኩት። ባለቤት የሌለው ጉዳይ አይመዘገብም ብሎ የሰጠኝን ቁጥር ሰረዘው።

ወደ ቤት ስመለስ እትዬ አንድ አንገት ጨርሰው ነበር፤ አረንጓዴ መስቀል በወርቃማ ክር የተከበበ። አጠገባቸው በጽሕፈት መኪና የተጻፈ ወረቀት አለ። ወደዚያው ጻፊ ሄደው ለሹሙ የምስጋና ማመልከቻ አጽፈዋል። የሹሙ ጥላ እንደ ዋርካ ሰፊ ነው፤ ደካማዋን መበለት ምረዋታል። አነበብኩት። ማንም አልማረዎትም፣ እነሱ ናቸው የተሳሳቱት አልኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉ መርፌያቸውን ሳያቆሙ። «ግን እኔ ማወቄን እነሱ እንዲያውቁብኝ አልፈልግም።»

የዚያን ጊዜ አልገባኝም፤ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልተስማማሁበትም። ማመልከቻውን ለመውሰድ እምቢ አልኩ። በማግስቱ ራሳቸው በአውቶቡስ ይዘውት ሄዱ፤ ከመውጣታቸው በፊት አምፖሏን አጠፏት።